«ወደ 300 ሺህ ገደማ»፦ የቤተሰቡን ቁጠባ በኦንላይን ያጣ ባል ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ

ኅዳር 2017 ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ የሰፈሬ ልጅ ቤቴ መጣ። ዕድሜው 38 ነው። ጄኔሬተር ጠጋኝ ነው። ሚስቱ ነርስ ናት። በዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል የገባች አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው።

እኔ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ለብዙ ዓመታት በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። ሰፈር ውስጥ የብድር፣ የዕቁብ ወይም የዋስትና ጉዳይ ሲነሳ ሰው እኔ ጋ ይመጣል። እሱም ብድር ሊጠይቅ የመጣ መስሎኝ ነበር። ከጃኬቱ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ የደብተር ወረቀት አወጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ። ዛሬ ማታ ልሰጣት ነው» አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደብዳቤው ለሚስቱ የተጻፈ ነው። የቤታቸውን ቁጠባ በስልኩ አጥፍቶታል። እሷ ገና አላወቀችም።

ይህን የምጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው። ስማቸውንና ሰፈራቸውን አላነሳም። ቁጥሮቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ጉዳዩን ለመጻፍ የወሰንኩት ስለ ማጭበርበሩ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ስለሱ ብዙ ተወርቷል። ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ ቤት ውስጥ ምን እንደሚባልና ዕዳው እንዴት እንደሚሰላ ግን የሚነግር ሰው አላየሁም።

ገንዘቡ የሄደበት መንገድ

ነገሩ የጀመረው በቴሌግራም መልእክት ነው። «በትርፍ ሰዓትዎ ከቤትዎ ሆነው ይሥሩ» ይላል። ሥራው ቪዲዮ ላይክ ማድረግና ለሆቴሎች ኮከብ መስጠት ነው። ለመጀመሪያው ቀን ሥራ 300 ብር በቴሌብር ገባለት። እውነተኛ ብር ነው፤ ካርድ ሞላበት።

በሦስተኛው ቀን «ቅድሚያ ክፍያ ያለበት ሥራ» መጣ። 5,000 ብር አስገባ፣ በዚያው ቀን 6,400 ሆኖ ተመለሰለት። በ1,400 ብሩ ትርፍ ለልጁ ጫማ ገዛ። ሚስቱ «እጅህ ይባረክ» አለችው። ይህችን ነገር ሲነግረኝ ነው መጀመሪያ ያለቀሰው።

ከዚያ በኋላ የገባ ገንዘብ አልወጣም። 30,000 አስገባ። ገጹ ላይ «ጥምር ሥራ ደርሶዎታል» የሚል ጽሑፍ መጣና ሒሳቡ በቀይ ቀለም ከዜሮ በታች ወረደ። የያዘውን ለማስለቀቅ 58,000 ሙላ ተባለ፤ ሞላ። እንደገና ቀይ ሆነ። 95,000 ሞላ። ከዚያ 165,000። በመጨረሻ ገጹ ላይ 612,000 ብር ታየ። ሊያወጣ ሲል «ግብር ካልከፈሉ አይለቀቅም» አሉት። 35,000 ብር ከሥራ ባልደረባው ተበድሮ ከፈለ። በማግስቱ ግሩፑ ጠፋ። ከመጀመሪያው 30,000 እስከ መጨረሻው 35,000 ድረስ የፈጀው 11 ቀን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ገጹ ላይ የሚታየው ቁጥር ገንዘብ አይደለም። የገጹ ባለቤት እንደፈለገ የሚጽፈው ቁጥር ነው። ሁለተኛ፣ ብሩን ያስገባው በአንድ ድርጅት ሒሳብ አልነበረም። በየጊዜው በተለያየ ተራ ሰው ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው የላከው። እነሱ «ወደ ዩኤስዲቲ ቀያሪዎች ናቸው» ብለውታል። ዩኤስዲቲ ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ብሩ አንዴ ወደ ዩኤስዲቲ ተቀይሮ ከተላከ፣ እንደ ባንክ ዝውውር ደውሎ ማስቆም እጅግ ከባድ ነው። ከፋይ ድርጅት ሆኖ ገንዘብ የሚቀበለው ግን በየቀኑ በሌላ ግለሰብ ስም ከሆነ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ነው የሚታወቀው።

ለምን አመነ? ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠግቶ ነበር። ባንክ ያስቀመጡት ብር ዓይኑ እያየ ሲሟሟ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ቴሌግራም ላይ ያወራችው «አስተባባሪ»ም ይህንኑ ነው የነካችው። «ብርህን በዶላር አስቀምጥ» አለችው። ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አይደለም የገባበት። ፈርቶም ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ

ይዞ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። ዋናው ይህ ነው፦

«ውዴ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው። ወደ 300 ሺህ ብር ገደማ አጥፍቻለሁ። ግን አታስቢ። በየወሩ 15 ሺህ እየከፈልኩ በሁለት ዓመት እመልሰዋለሁ። ለጊዜው ርካሽ ቤት እንከራያለን። ልጅቷንም ሌላ ትምህርት ቤት እናስገባታለን። እባክሽ ይቅር በይኝ።»

አነበብኩትና «ይህን አትስጣት» አልኩት። ከልቡ እንደጻፈው አይቻለሁ። ግን ሦስት ቦታ ላይ ሊያፈርሰው የሚችል ነገር ነበረበት።

የመጀመሪያው «ወደ 300 ሺህ ገደማ» የሚለው ነው። ስልኩን አውጥቶ ከባንክ የመጡለትን የወጪ መልእክቶች አንድ በአንድ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት። እኔ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ደምረን ስንጨርስ 383,000 ሆነ። 268,000 ከቁጠባ ሒሳቡ፣ 80,000 ሚስቱ መስከረም ላይ ከደረሳት ዕቁብ፣ 35,000 ከባልደረባው ብድር። የዕቁቡን ብር እሷ ናት «አስገባልኝ» ብላ በእጁ የሰጠችው። ስለ ባልደረባው ብድር ደብዳቤው ላይ አንድም ቃል የለም። «እሱን ቀስ ብዬ ራሴ እከፍለዋለሁ ብዬ ነው» አለኝ።

በሥራዬ ያየሁት ነገር አለ። ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ሲሰማ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይረጋጋል። ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛ ቁጥር ሲመጣ ግን አይረጋጋም። ምክንያቱም ያኔ የመጀመሪያው ይቅርታም ውሸት ይሆንበታል። ስለዚህ «የቀረ አንድ ብር ካለ አሁን ንገረኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «የለም» አለ። እንደገና ጠየቅሁት። «የለም ጋሼ፣ በልጄ» አለ።

ሁለተኛው 15 ሺህ የሚለው ነው። የወር ገቢና ወጪያቸውን አሰላን። የእሱ ደመወዝ ተቆራርጦ 19,500 ይደርሰዋል፣ የእሷ 11,000። ድምሩ 30,500። የቤት ኪራይ 8,500፣ አስቤዛ 9,000፣ ትምህርት ቤት 4,000፣ ትራንስፖርት 2,500፣ ዕድር፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ 1,500፣ የእሱ የምሳና የማኪያቶ የኪስ ገንዘብ 1,500። ከዚያ የሚስቱ ዕቁብ 3,000። የሚተርፈው 500 ብር ነው። «15ቱ ሺህ ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩት። ዝም አለ። በኋላ «ቶሎ እንድትረጋጋ ብዬ ነው» አለ።

ይህ ከልብ የመጣ ቃል ነው፤ ግን አደገኛ ነው። ቀይ ቁጥር ባየ ቁጥር የሞላውም ቶሎ ለመመለስ ነበር። ከአቅም በላይ የሆነ የመክፈያ ቃል የዚያው ቀጣይ ነው። 15 ሺህ ቃል የገባ ሰው በሁለተኛው ወር ያጎድላል። ያጎደለውን ለመሙላት ደግሞ ሌላ አቋራጭ ይፈልጋል። ከብዙ ተበዳሪ ላይ አይቼዋለሁ።

ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው። ቤት እንቀይር፣ ልጅቷን እናዛውር ሲል ማን እየከፈለ ነው? ሚስቱና ልጁ ናቸው። በቤተሰብ ሕጉ፣ በ1992 በወጣው አዋጅ ቁጥር 213፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በየግላቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው። ስለዚህ ባል ከደመወዙ ለሚስቱ «ከፈልኩ» ሲል ከቤቱ አንድ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ እያዛወረ ነው። ክፍያ የሚሆነው ቤቱ ድሮ የማያገኘው አዲስ ገንዘብ ሲመጣ፣ ወይም እሱ ለራሱ ብቻ ያወጣው የነበረ ሲቀር ነው።

እሱ ወዲያው «የቅዳሜ ሥራዬ አለ» አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በየቤቱ ጄኔሬተር ይጠግናል። ግን ያ ገንዘብ ድሮም ለቁጠባ ነበር የሚውለው። 268ቱ ሺህ የተጠራቀመው ከእሱ ነው። እሱን «የእኔ ክፍያ» ካለው ቤቱ መቆጠብ ያቆማል ማለት ነው። የቅዳሜው ሥራ የቤቱ ሆኖ እንዲቀጥል ተስማማን።

አዲስ ገንዘብ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። አንድ የሠርግ አዳራሽ ባለቤት ከሥራ በኋላ ማታ ማታ እየመጣ ጄኔሬተሩን እንዲያይለት በወር 3,000 ብር ሊሰጠው ጠይቆት ነበር። ይደክመኛል ብሎ ትቶት ነበር። ከኪሱ ደግሞ 1,500ው አለ፤ ምሳ ከቤት ከቋጠረ ይቀራል። ሁለቱ ሲደመሩ 4,500 ይሆናል። 383,000ን ለ4,500 ስናካፍለው 85 ወር አለፈ። ከ7 ዓመት በላይ ነው።

ፊቱ ተለወጠ። «7 ዓመት ብዬ እንዴት እጽፍላታለሁ?» አለኝ። እውነቱ እሱ ነው አልኩት። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቼው እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ተመልሼ ስመጣ እየጻፈ ነበር።

የሰጣት ደብዳቤ

«ለልጄ እናት፣

ይህን በቃል ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። ስጀምር ምላሴ ይተሳሰርብኛል፣ ከዚያ ሌላ ወሬ አወራለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። አንብበሽ እስክትጨርሺ እዚያው አጠገብሽ እቀመጣለሁ።

ቁጠባችን የለም። ቴሌግራም ላይ ባገኘሁት የኦንላይን ሥራ ነው ያጠፋሁት። ሥራው ውሸት ነበር። ከኅዳር 5 እስከ ኅዳር 15 ባሉት 11 ቀናት ውስጥ 383,000 ብር ልኬያለሁ። ከባንክ ሒሳባችን 268,000። ካንቺ ዕቁብ 80,000። ከሥራ ባልደረባዬ ሳልነግርሽ የተበደርኩት 35,000። ከዚህ ሌላ የለም። የባንኩን መልእክቶች በሙሉ ሳላጠፋ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ራስሽ ደምሪው።

ለልጃችን የገዛሁት ጫማ ከዚያው ገንዘብ ነው። እጅህ ይባረክ ስትዪኝ ዝም አልኩ። ያኔ ብነግርሽ ኖሮ የጠፋ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ሽንት ቤት ገብቼ ስልክ ሳይ፣ ምን ሆነህ ነው ስትዪኝ ሆዴን አሞኝ ነው ብዬሻለሁ። ዋሽቼሻለሁ። የገንዘቡን ያህል የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ማንም አላስገደደኝም። አንቺን ሳልጠይቅ የላኩት እምቢ እንደምትዪኝ ስለማውቅ ነው። የዕቁብሽን ብር በእጄ ስትሰጪኝ አምነሽኝ ነው። ያለማጓደል የጣልሽው ብር ነው።

ያደረግሁትን ልንገርሽ። ኅዳር 16 ጠዋት ባንክ ሄጃለሁ። ብሩ የተላከባቸው ሒሳቦች ላይ የቀረ እንደሌለ ነገሩኝ። ፖሊስ ጣቢያ አመልክቻለሁ፤ የማመልከቻው ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም።

የምከፍለው እንዲህ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ማታ ማታ የሠርግ አዳራሹን ጄኔሬተር አያለሁ። በወር 3,000 ይከፍሉኛል። ምሳ ከቤት ይዤ እሄዳለሁ፣ ማኪያቶና ኳስ ማየት አቆማለሁ፤ ከዚያ 1,500። በወር 4,500 ማለት ነው። የቅዳሜ ሥራዬ እንደ ድሮው የቤታችን ነው፤ ከክፍያው ውስጥ አላስገባሁትም። የቤት ኪራዩ፣ አስቤዛው፣ የልጃችን ትምህርት ቤትና ያንቺ ዕቁብ አይነኩም።

መጀመሪያ የባልደረባዬን 35,000 እከፍላለሁ፤ የውጭ ሰው ስለሆነ ነው። ቀጥሎ ያንቺን ዕቁብ 80,000። በመጨረሻ የጋራችንን 268,000። ሁሉም ከ7 ዓመት በላይ ይፈጃል። ብዙ ነው። አሳጥሬ ብጽፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ሌላ ውሸት ይሆናል።

የሚጎድል ወር ካለ ወሩ በገባ በ25ኛው ቀን ሳትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። ያጎደልኩትን በሚቀጥለው ወር እጥፍ እከፍላለሁ አልልም። ወሩ ወደ ኋላ ይጨመራል እንጂ። አልበደርም። ገንዘብህን እናስመልስልሃለን የሚል ሰው ቢመጣ ሳልመልስለት አሳይሻለሁ።

የቅዳሜው ገንዘብ የሚገባበት አዲስ የጋራ ሒሳብ እንክፈት። ያለ ሁለታችን ፊርማ የማይወጣ፣ በስልክ የማይንቀሳቀስ። ስልኬን ልይ ካልሽ እሰጥሻለሁ።

አሁን ይቅር በይኝ አልልሽም። መልስም አሁን አልጠብቅም። መቆጣት፣ እናትሽ ጋ መሄድ፣ ለወንድምሽ መንገር ካስፈለገሽ አልከለክልሽም።

ባልሽ»

የዚያን ሌሊትና ማግስቱ

ሰኞ ጠዋት ሚስቱ ራሷ መጣች። ከሌሊት ተረኛነት እየተመለሰች ነበር። ደብዳቤውን ይዛዋለች። ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፋበታለች።

«ጋሼ፣ ሴት ይዞ መስሎኝ ነበር» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «ሌሊት ስልክ ይዞ ሲነሳ ሌላ ነገር ነው ያሰብኩት። ገንዘብ ነው ሲለኝ መጀመሪያ እፎይ አልኩ። ከዚያ ቁጥሩን ሳነብ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።»

የባንኩን መልእክቶች ራሷ ደምራቸዋለች። 383,000 መጣላት። ከደብዳቤው ጋር ሲገጥም ነው ማንበብ የቀጠለችው። «አንድ ሺህ ብር እንኳ ቢለያይ ኖሮ እናቴ ጋ ነበርኩ» አለች።

ከ7 ዓመት በላይ የሚለውን ስታሰላ ደግሞ ጠርዙ ላይ «8ኛ ክፍል» ብላ ጽፋለች። ልጃቸው ያኔ የምትደርስበት ክፍል ነው።

የማትስማማበት ሁለት ነገር ነበራት። የመጀመሪያው ስልኩን መያዝ ነው። «ጠባቂው አልሆንም» አለች። «ስልኩን ባየው ሌላ ስልክ ይገዛል። እኔ የምፈልገው ሳልጠይቅ እንዲነግረኝ ነው።» ሁለተኛው የዕቁቧ ነው። በ80,000ው ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ልትገዛ አስባ ነበር። «ከሁለት ዓመት በኋላ 80 ሺህ ቢመልስልኝ ፍሪጁ ያኔ ስንት ሊሆን ነው?» አለችኝ። ልክ ናት። እኔ ስናሰላ ይህን አልቆጠርኩትም ነበር። ተነጋግረው የዕቁቡ ክፍያ በብር ሳይሆን በዕቃ እንዲለካ ተስማሙ። ፍሪጁ እስኪገዛ ድረስ ይከፍላል፤ ከ80 ሺህ ካለፈም ያልፋል።

ወንድሟ «አስፈርሚው፣ በምስክር ይሁን» ብሏት ነበር። በዚያው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ባልና ሚስት በጋብቻ ላይ ሳሉ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም። ምስክር ፊት ቢፈርምም ለውጥ የለውም። ፍርድ ቤት ማጸደቅ ትችላለች አልኳት። «አሁን አልፈልግም» አለች። ደብዳቤው ቃል ሆኖ ቀረ።

ይቅርታውን ግን ያኔ አልሰጠችውም። ለሦስት ሳምንት ያህል አብረው አልበሉም። እሷ ከልጇ ጋር ቀድማ ትበላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ

ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ሙሉ 4,500 ተከፈለ። በጥር ወር «የተጭበረበረ ገንዘብ አስመላሽ ነኝ» የሚል ሰው ጻፈለት። ስሙንና የላከውን መጠን ያውቃል። 12,000 ብር ቅድሚያ ጠየቀው። ይህ የተለመደ ነው፤ አንዴ የተበላ ሰው ስም ዝርዝር ከአንዱ አጭበርባሪ ወደ ሌላው ይሄዳል። መልእክቱን ሳይመልስ ለሚስቱ አሳያት። «የዚያን ቀን ነው አብረን እራት የበላነው» አለኝ።

መጋቢት ላይ ጎደለ። ስህተቱ የእኔም ነው። የሠርግ አዳራሽ በሁዳዴ ሥራ እንደሌለው እያወቅሁ ስናሰላ ትዝ አላለኝም። አዳራሹ ተዘጋ፣ 3,000ው ቀረ። መጋቢት 25 ማታ «የዚህ ወር 1,500 ብቻ ነው» አላት። ለፋሲካ ማግስት እጥፍ ልክፈል ብሎ ሊናገር ነበር፤ እሷ ናት ደብዳቤውን አውጥታ ያቆመችው። ዓመቱን በ11 ወር የአዳራሽ ክፍያ እንደገና ስናሰላው ጠቅላላው 7 ዓመት ተኩል ሆነ። እሷ ቀዩን «8ኛ» ሰርዛ «8ኛ መጨረሻ» ብላ ጻፈች።

የባልደረባው 35,000 በነሐሴ 2017 አለቀ። የመጨረሻውን 2,000 ይዘው የሄዱት አብረው ነው። ከዚያ ወር የተረፈው 2,500 ለፍሪጁ ተጀመረ። መስከረምና ጥቅምት ሲጨመሩ 11,500 ደርሷል። በቅዳሜው ሥራ የሚመጣው ደግሞ በሁለት ፊርማ በሚወጣው ሒሳብ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር አሁንም አልተፈታም። እሷ የዕቁብ ብር በእጁ አትሰጠውም። ራሷ ትወስዳለች፣ ተረኛ ከሆነች ደግሞ ሰብሳቢዋ ቤት ድረስ መጥታ ትቀበላታለች። እሱም አይጠይቃትም። ባለፈው እሁድ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ሰብሳቢዋ ስትመጣ እሱ ተነስቶ ወንበር ሰጣትና ቡና ሊያስቀዳ ወደ ማድቤት ገባ። ሚስቱ ቦርሳዋን ከፍታ ቆጠረችና ከፈለች። ሲመለስ የሦስት ሰው ቡና ይዞ ነበር።